ገና ሲሸት ይጣራል

ጠረጴዛው ላይ አራት ወረቀቶች በግንባራቸው ተደፍተዋል። የድርጅቱ ባለቤት አንዱን ገለበጠና ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ገና ሲሸት ይጣራል።» ከዚያ ፊታችንን በተራ ቃኘ። አጠገቤ የተቀመጡት የሒሳብ ሹም መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይኼ የኦዲት ደብዳቤ ነው እንዴ?» አሉ።

ሁላችንም ሳቅን፤ መሪ ቃሉን የጻፈችው ወጣት ግን አልሳቀችም። እሷ ያሰበችው ሌላ ነው። ቡናው ገና ሲቆላ፣ ሽታው ከግቢ አልፎ ጎረቤት ሲደርስ፣ ማንም ሳይልክበት ሰውን ይጣራል ማለቷ ነው። ቆንጆ ሐሳብ ነው። እናቶቻችን ልጅ ልከው «ቡና ደርሷል» ከማሰኘታቸው በፊት ጎረቤትን የሚያስነሳው ያ ሽታ መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን «ተጣራ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ሥራ አለው። ሰው ከሩቅ ሲጣራ አንድ ነው፤ ጉዳይ በኮሚቴ ሲጣራ ሌላ ነው። ሁለቱ ሲጻፉም ሲነገሩም አይለያዩም። «ሸተተ»ም እንዲሁ በጎና ክፉ አለው፤ በጎውን ብቻ ስንፈልግ «አወደ»፣ «መዓዛ» እንላለን፤ «ይኼ ነገር ይሸታል» ስንል ግን የምንጠረጥረው ነገር አለ። እንግዲህ ሽታና ማጣራት በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገናኙ ዕድሜውን በደረሰኝና በቫውቸር መካከል ያሳለፈ ሰው ምን ይስማ? ነገሩ ገና ከመሽተቱ ኮሚቴ ይቋቋማል ነው የሚሰማው።

ሦስተኛም ወጥመድ አለ፤ እሱን ያየሁት እኔ ነኝ። «ገና» ሲላላ «እስካሁን» ወይም «ወዲያው» ነው፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። በታኅሣሥ መጨረሻ አደባባይ ላይ ይህን መሪ ቃል በትልቁ የሰቀለ ድርጅት፣ አላፊ አግዳሚው የበዓል ማስታወቂያ ነው ብሎ ቢያነበው የሚወቅሰው ሰው አይኖረውም። በሬዲዮ ከሆነ ግን አንባቢው አላልቶ ስለሚያነበው ችግሩ የለም። ስለዚህ በዚህ ሥራ የመጀመሪያው ደንብ መሪ ቃልን ሁለት ጊዜ መፈተን ነው፤ አንዴ ለዓይን፣ አንዴ ለጆሮ። «ሰፊ» ብሎ የጻፈ ሰው ትልቅ አዳራሽ እያሰበ ልብስ ሰፊ ሊነበብለት ይችላል።

ወደዚህ ጠረጴዛ የተጠራሁት በማስታወቂያ ባለሙያነት አይደለም። ለዓመታት የአማርኛ ጽሑፍ አርሜ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ባለቤቱ የፈለገኝም «ቃል ሲያነክስ የምታይ» ብሎ ነው። ድርጅቱ አዲስ አበባ ውስጥ ቡና ቆልቶ ለካፌዎች ሲያቀርብ ቆይቷል። አሁን የተፈጨ ቡና በትንሽ በትንሹ አሽጎ ወደ ሱቅ ሊያወጣ አስቧል። ገበያው ሦስት ነው። የከተማው ሱቆች አንድ፤ በዋሽንግተንና አካባቢዋ ያሉት የሐበሻ ግሮሰሪዎች ሁለት፤ ጅዳና ዱባይ ደግሞ ሦስት። በባሕረ ሰላጤው በኩል እሽጉን የሚያነሳው ከአገሩ የወጣ ወገናችን ብቻ አይደለም፤ አረቡም ነው። ስለዚህ በአንድ እሽግ ላይ ሦስት ፊደል ይቀመጣል፤ አንዱ መሪ ቃልም በሦስቱም ፊደል መነበብ አለበት ተባለ። ከስድሳ በላይ ሐሳብ ተጽፎ፣ ተጥሎ ተጥሎ አራት ቀረ።

በነገራችን ላይ የማስታወቂያ ሰዎች «መፈክር» አይሉም። ባለቤቱ አንድ ጊዜ ቢያመልጠው የሒሳብ ሹሙ ግራ እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ አነሱና እንደገና አሳቁን። ለእሳቸው ትውልድ መፈክር ማለት አደባባይ፣ ሰልፍና ድምፅ ማጉያ ነው። «መሪ ቃል» ይሻላል።

ከስብሰባው በፊት አንድ ፈተና ተደርጎ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዎች ተጠሩ። ማስታወቂያውን የጻፈም፣ ሲጻፍ የሰማም ከመካከላቸው የለም፤ ጥበቃው፣ የቡና መልቀሚያ ሠራተኞች፣ ሁለት የሰፈር ሱቅ ነጋዴዎች፣ ተማሪዎች ናቸው። አራቱ መሪ ቃሎች ለማዘናጊያ ከተጻፉ ስምንት ሌሎች ጋር ተቀላቅለው አንድ ጊዜ ብቻ ተነበቡላቸው። ከዚያ ሰዎቹ ወደ ሌላ ጨዋታ ተወሰዱ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ «ከሰማችሁት ምን ታስታውሳላችሁ?» ተባሉ። «ይህን ሰምታችኋል ወይ?» ተብሎ አልተጠየቀም፤ እንዲያ ሲጠየቅ ሰው ሁሉ አዎ ይላል። በማግስቱ በስልክ ያው ጥያቄ ተደገመ፤ የማግስቱ መልስ ከሃያ ደቂቃው ይበልጣል፤ ሱቅ የሚኬደው ማስታወቂያ በተሰማ በሃያ ደቂቃ አይደለምና።

የዚህ ፈተና ጥቅሙ የታወሰውን መቁጠር ብቻ አይደለም፤ የተሳሳተውን ማንበብም ጭምር ነው። «የቡና ሀገር ልጅ» የሚለውን ካስታወሱት ውስጥ አንዱ «የቡና ልጅ» አለ፣ ሌላው «የሀገር ቡና»፣ ሌላዋ ደግሞ «የሀገሬ ልጅ ቡና»። ቃላቱ ጭንቅላት ውስጥ ገብተዋል፤ ቅደም ተከተሉን የሚይዝ ማሰሪያ ግን የላቸውም። የትኛውም ቃል ቦታ ቢለዋወጥ ዓረፍተ ነገሩ አይፈርስም። ሰው አፍ ላይ ሲደርስ የሚለዋወጥ መሪ ቃል ከሳምንት በኋላ የማንም አይሆንም። «ከአቦል እስከ በረካ» ግን አንድም ሰው አላዛባውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቅደም ተከተሉን የሠራው ጀበናው ነው። በረካ ከአቦል አይቀድምም።

ስለ ቤት መምታትም ክርክር ተነሥቶ ነበር። ወጣቷ ጸሐፊ ከጣለቻቸው ውስጥ ቤት የሚመቱ ብዙ ነበሩ፤ ባለቤቱ ለምን ተጣሉ አለ። ቤት የሚመታ ቃል ያሳምናል የሚለው ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ማክግሎንና ቶፊግባክሽ የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት ያው ምክር ቤት ሲመታ ሰዎች ይበልጥ እውነት ነው ብለው ፈርደውለታል፤ ስለ ድምፁ ሳይሆን ስለ ፍሬ ነገሩ ብቻ ፍረዱ ሲባሉ ግን ብልጫው ቀንሷል። ነገር ግን ጥናቱ የተሠራው በእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ ቤት መምታት ፍለጋ ይጠይቃል። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ «ያረካል»ና «ያነቃል»፣ «ይጣፍጣል»ና «ያስደስታል» ሳንፈልጋቸው ቤት ይመታሉ። በነጻ የተገኘ ቤት ለጆሮ ዜና አይሆንም። ለዚህ ነው በየሚኒባሱ ሬዲዮ የምንሰማቸው «ይህ ያደርጋል፣ ያ ያደርጋል» የሚሉ ማስታወቂያዎች አንዱ ከሌላው የማይለዩብን። ጸሐፊዋ የጣለቻቸው በትክክል ነው ባይ ነኝ።

በማስታወስ ፈተናው አንደኛ የወጣው ሦስተኛው ወረቀት ነው፦ «ሻይ ቡናውን ለእኛ ተዉት።» ከሞላ ጎደል ሁሉም አስታወሱት፤ በማግስቱ በስልክ ሲጠየቁም ገና ከመጀመራቸው ይስቁ ነበር። ባለቤቱ በጣም ደስ ብሎታል። ሐሳቡ ለመሥሪያ ቤቶች ነው፤ እናንተ ሥራችሁን ሥሩ፣ የስብሰባ ቡናችሁን እኛ እናቀርባለን ማለት ነው።

«ለምን እንደሳቁ ጠየቃችኋቸው?» አልኩ።

አልጠየቁም። መጠየቅም አያስፈልግም ነበር። «የሻይ ቡና» በከተማችን ምን እንደሆነ ጉዳይ ለማስፈጸም ወረፋ ይዞ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። በጠረጴዛ ሥር የሚተላለፈው ነው። «ሻይ ቡናውን ለእኛ ተዉት» ማለት ጉቦውን እኛ እንጨርስላችኋለን ማለት ይሆናል፤ እንዲያውም ለመሥሪያ ቤት ሲባል ይብሳል። የታወሰው ራሱ ጥፋቱ ነው። ማስታወስን ለብቻው የሚለካ ሰው ሁልጊዜ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይኸው ነው፤ ቀልድ ከምስጋና ይልቅ ስለሚታወስ መጥፎው ንባብ ጥሩ ውጤት መስሎ ይመጣል። ስለዚህ የታወሰውን ስትቆጥሩ አብራችሁ «ማን ነው የሚናገረው? ምን እየሸጠ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እሽጉን ሳያሳዩ ሲጠይቋቸው ከሱቅ ነጋዴዎቹ አንዱ «ጉዳይ አስፈጻሚ ድርጅት ነው» አለ። በዚያው ወረቀቱ ተቀደደ።

እዚህ ላይ የአማርኛን ሰሚ ጠባይ መናገር አለብኝ። በሰምና ወርቅ ያደገ ጆሮ ከላይኛው ትርጉም ሥር ሌላ መፈለግ ልማዱ ነው። በሌላ አገር ሁለተኛው ትርጉም ድንገተኛ አደጋ ነው፤ እኛ ዘንድ ሰሚው ፈልጎ ያገኘዋል፤ ካጣም ይፈጥረዋል። ያም ሆኖ የተገኘ ሁሉ ይገድላል ማለት አይደለም። በማስታወቂያ ትምህርት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረ አንድ ተረት አለ፤ ሸቭሮሌ «ኖቫ» የተባለ መኪናውን ስፓኒሽ በሚነገርባቸው አገሮች መሸጥ አቃተው፣ «ኖ ቫ» በስፓኒሽ «አይሄድም» ማለት ነውና ይባላል። ወሬው ውሸት ነው። መኪናው በሜክሲኮም በቬኔዝዌላም ደህና ተሽጧል። የሜክሲኮ የመንግሥት ነዳጅ ኩባንያ ራሱ «ኖቫ» የሚባል ቤንዚን ነበረው። ስፓኒሽ ተናጋሪው «ኖቫ»ን ሲሰማ ድምፁ የሚያርፈው መጀመሪያው ላይ ነው፤ «ኖ ቫ» ሲል ግን መጨረሻው ላይ። ሁለቱ ለእሱ አንድ ቃል አይደሉም። እንግዲህ ሁለተኛው ንባብ የሚገድለው መቼ ነው ቢባል፣ ከመጀመሪያው ቀድሞ ሲመጣ፣ ወይም የሚሸጠውን ዕቃ ራሱን ሲነካ ነው። ዳኛ ይህ መለኪያ ከሌለው ማንኛውንም ቃል ሲጠረጥር ውሎ አንድም ቃል አያሳልፍም።

ትርጉም ላይ ስንደርስ ባለቤቱ አንድ የተዘጋጀ ጥያቄ ነበረው። «ጥሩ ተርጓሚ ከተገኘ ችግሩ ምንድን ነው?» እኔም መልሱን በሌሎች ዕቃ ነገርኩት።

ኬንታኪ ፍራይድ ቺክን በእንግሊዝኛ ጣት የሚያስልስ እያለ ዶሮውን ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ቤጂንግ ላይ ሱቅ ሲከፍት ያ መሪ ቃል በቻይንኛ «ጣታችሁን ብሉ» ሆነ እየተባለ በሰፊው ይነገራል፤ በየትርጉም ትምህርት ቤቱም ለመሳቂያ ይቀርባል። እኔ ግን ይህን ወሬ ስሰማ ሁሌ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ለእኛ ይህ ስሕተት ስሕተት አይደለም። «ጣት የሚያስቆረጥም ወጥ» ብለን እያመሰገንን አይደል የኖርነው? ጣት መላስ ብለን ቃል በቃል ብንተረጉመው ግን በማዕድ ፊት ነውር ይሆናል። ቻይና ላይ ያሳቀው ቃል አዲስ አበባ ላይ ከዋናው የሚበልጥ ትርጉም ነው። እንግዲህ ትርጉም ልክ ነው ወይም ስሕተት ነው የሚባለው በመዝገበ ቃላት ሳይሆን ተቀባዩ ቋንቋ ቀድሞ በተናገረው ነው።

ከቤታችን የወጣው ምሳሌ ደግሞ ከዚህም የተሻለ ነው። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አገሪቱን ለውጭ ጎብኚ ሲያስተዋውቁ በእንግሊዝኛ የ13 ወር የፀሐይ ብርሃን አገር ብለው አወጡላት። ጳጉሜን ከአምስት ወይም ስድስት ቀኗ ጋር እንደ አንድ ወር አስቆጠሯት። ለእንግሊዝና ለጀርመን ጎብኚ፣ ክረምቱ ጨለማ ለሆነበት ሰው፣ ፀሐይ የሚገዛ ነገር ነው። አሁን ያንን ወደ አማርኛ መልሱት። «የ13 ወር ፀሐይ» ማለት ድርቅ ማለት ነው። ፀሐይ ጠናብን፣ ፀሐይ መታው የሚል ሕዝብ፣ ሐምሌና ነሐሴን ሰማይ ሰማይ እያየ የሚጠብቅ ገበሬ፣ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ይሁንልህ ቢባል እርግማን ነው የሚሰማው። አማርኛው ታዲያ «የ13 ወር ፀጋ» ሆነ። አንድ ቃል ተለውጦ ሐሳቡ ዳነ። ፀሐይ ጠፍታ በፀሐይ በኩል ሊመጣ የታሰበው በጎ ነገር ቀረ፤ ፊደሏም በዚያው በፀ ጀመረች። (በጸሎቱ ጸ መጻፍ አለበት የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው፤ ማተሚያ ቤቶች ግን አልሰሟቸውም።)

በ2008 ዓ.ም ያ ተቀይሮ በእንግሊዝኛ የመነሻዎች ምድር፣ በአማርኛ «ምድረ ቀደምት» ተባለ። እዚህም ሁለቱ አንድ አይደሉም። እንግሊዝኛው የሚናገረው ስለ ነገሮች መነሻ ነው፤ ቡና፣ ዓባይ፣ የሰው ዘር። አማርኛው «ቀደምት» ሲል ሰዎችን ያስባል፤ አበውን። ትርጉሙ አላነከሰም፤ አቅጣጫውን ቀይሯል። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው፤ «ምድረ» የግእዝ ማዕረግ አለው፤ ግርማ አለው፤ ግን ለእንግዳ ቡና እየቀዳ የሚናገረው ሰው አላጋጠመኝም። «የ13 ወር ፀጋ» ግን እስከ ዛሬ ሰው አፍ ላይ አለ።

ባለቤቱ ይህን ሰምቶ ዝም አለ። ከዚያ «እንግዲያው የቀሩት ሁለቱ ይታዩ» አለ።

«የቡና ሀገር ልጅ» ለአዲስ አበባ ሱቅ ምንም አላለም፤ በትክክል አልታወሰም እንጂ አልከፋም። ለዋሽንግተን ግን በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ቀርቦ ነበር። እዚያ ግሮሰሪ ያላት የባለቤቱ እኅት በስልክ መስመር ላይ ነበረች። ትርጉሙን ቀስ ብላ አነበበችና «ልጅ የሚለውን አውጡት» አለች። ለምን ሲባል፣ እዚያ ቡናና ካካዎ ሲባል ልጆች በእርሻ ይሠሩ ይሆን የሚል ጥያቄ ገዢው አእምሮ ውስጥ አስቀድሞ አለ፤ እሽግ ላይ ልጅ የሚል ቃል ካየ መጀመሪያ የሚመጣበት እሱ ነው። በአማርኛ «የሀገር ልጅ» ማለት ዘመድ፣ ወገን ማለት ነው፤ ዕድሜ የለውም። እንግሊዝኛው ግን ዕድሜ ሰጠው። የእሷ ግሮሰሪ ደንበኞች አማርኛውን ስለሚያነቡ አይሳሳቱም፤ ስጋቷ የልጆቻቸውን ጓደኞች አስባ ነው። ይህም ወረቀት ወጣ።

ቀረ «ከአቦል እስከ በረካ»። ሁላችንም ወደነዋል። አጭር ነው፤ በሦስቱም ቃል ውስጥ «ከ» እና «በ» እየተመላለሱ ይመታሉ፤ የጀበናውን ሥርዓት ይዟል። ትርጉሙ ተሠርቶ መጥቷል። በዚህ ሥራ እንደሚደረገው ተርጓሚው ወደ አረብኛ ከመለሰው በኋላ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፤ ሁለቱ ይተያያሉ። ተመልሶ የመጣው «ከመጀመሪያው ስኒ እስከ በረከት» ይላል። ከዋናው ይልቅ እንኳ ያምራል፤ በአረብኛው «በረካ» እኛ በረከት የምንለው ነውና። ባለቤቱ ፈተናውን አለፈ ብሎ ሊነሣ ነበር።

የእሽጉ ሥዕል ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ሥዕል ሠሪው «አቦል» የሚለውን ስም እንደ መለያ ለማቆየት ብሎ ሳይተረጉም በአረብኛ ፊደል ጽፎታል፤ አሊፍ፣ ባ፣ ዋው፣ ላም። በማሸጊያ ክፍል የምትሠራ፣ ጅዳ ብዙ ዓመት በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ልጅ ተጠራች። ምንም ሳይነገራት «ይህን አንብቢ» ተባለች። አየችው። እንደገና አየችው። ከዚያ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

«ምን ይላል?» አላት ባለቤቱ።

«ጋሼ፣ እኔ ይህን አላነብም።»

«ለምን?»

«ነውር ነው።» ወደ ወጣቷ ጸሐፊ ጠጋ ብላ በጆሮዋ ነገረቻት። ጸሐፊዋ ቀና ብላ፣ ፊቷ እንደቀላ፣ «እሸናለሁ ይላል» አለች።

እውነት ነው። አረብኛ አጫጭር ድምፆችን አይጽፍም፤ «ኦ»ም የራሱ ፊደል የለውም። ስለዚህ እነዚያን አራት ፊደሎች ያየ አረብ የሚያነበው «አቡል» ብሎ ነው፤ ያ ደግሞ መሽናት ከሚለው ግሥ የመጀመሪያው መደብ ነው። ስለሚጠጣ ነገር በሚናገር እሽግ ላይ። ኖቫን ያዳነው መለኪያ እዚህ ላይ ይገድላል፤ መጥፎው ንባብ ሁለተኛ ሆኖ አይመጣም፤ ለአረቡ ያለው ንባብ እሱ ብቻ ነው፤ ዕቃውንም በቀጥታ ይነካል። ትርጉሙን መልሶ መተርጎሙ ይህን ሊይዘው አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም ተርጓሚ የሚተረጉመው ትርጉምን ነው፤ ያነከሰው ግን ድምፁ ነው። ሳይተረጎም የሚቀር ማንኛውም ቃል በተቀባዩ ፊደል ተጽፎ ምንም ላልተነገረው ሰው መነበብ አለበት። ወጪው አንድ ወረቀትና አንድ አንባቢ ነው።

የማሸጊያዋ ልጅ ከመውጣቷ በፊት አንድ ነገር አለች። ጅዳ አብረዋት ይኖሩ የነበሩት ኤርትራውያን ቡና ሲያፈሉ «አቦል» አይሉም፤ «አወል፣ ካልኣይ፣ በረካ» ነው የሚሉት። አረቦቹም «አወል» ሲባል «መጀመሪያ» ብለው ይሰሙታል፤ ይገባቸዋል። ከእኛ ጠረጴዛ ላይ ከተባለው ሁሉ ለባሕረ ሰላጤው እሽግ የጠቀመ ሐሳብ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ባለቤቱ ጻፈው።

ስብሰባው ያበቃ መስሎን ነበር። ለእንግዳ ቡና የሚያፈሉት እትዬ በዚህ መካከል ሦስተኛውን እየቀዱ ነው። መሪ ቃሉን ሲመላለስ ሰምተውታል። ረከቦቱ ላይ ስኒ እየደረደሩ፣ ማንንም ሳያዩ፣ «ታዲያ እየቀጠነ ይሄዳል ማለታችሁ ነው?» አሉ።

«እንዴት?»

«አቦል ወፍራም፣ በረካ ቀጭን። ከአቦል እስከ በረካ ካላችሁ ከወፍራም እስከ ቀጭን አላችሁ። እኔ እንደሱ ያለ ቡና አልገዛም።»

ማናችንም አላሰብነውም። አሥራ ሁለቱ ሰዎችም አልነገሩንም፤ ምክንያቱም «ምን ይሸጣል?» እንጂ «ይህ ቡና ምን ዓይነት ነው?» ብለን አልጠየቅናቸውም። መሪ ቃሉ ጉዞን ይናገራል፤ ጉዞው ግን ቁልቁል ነው። ለትርጉም ስንጨነቅ በገዛ ቋንቋችን ያለውን አላየንም።

ወጣቷ ጸሐፊ ወረቀቱን ገለበጠችና በጀርባው አንድ ነገር ሞነጫጨረች፤ ሰረዘች፤ እንደገና ጻፈች። ከዚያ ወደ እትዬ ዞራ፣ ከእኛ ለማንም ሳይሆን ለእሳቸው አነበበችላቸው፦

«በረካውም አቦል።»

እትዬ ጀበናውን አስቀመጡ። «እሱስ ከሆነ ደህና ነው» አሉ፤ ከዚያ ስኒያችንን ሰበሰቡ።

ሁለት ቃል ነው። ሦስተኛው ስኒ እንደ መጀመሪያው ወፍራም ነው ይላል፤ ሥርዓቱን ይዞ ሥርዓቱን ይገለብጣል፤ ቃሎቹ ቦታ ቢለዋወጡ ትርጉሙ ስለሚጠፋ ሰው አያዛባውም። ወደ ሌላ ቋንቋ ግን አይሄድም። እንዲሄድም አልተደረገም። አማርኛው ለአማርኛ አንባቢ፣ አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ወይም ጅዳ ላለው፣ እንዲቀር ተወሰነ። በእንግሊዝኛው ጎን እስከ ሦስተኛው ስኒ የማይቀጥን የሚል ቀጥተኛ ቃል ገባ። የአረብኛው ጎን «አወል»ንና «በረካ»ን ይዞ፣ በአረብኛ አፉን የፈታ ጸሐፊ ከባዶ እንዲጽፈው ተባለ። የሒሳብ ሹሙ ለአንድ እሽግ ሦስት ጸሐፊ መክፈል አልተዋጠላቸውም፤ ባለቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2009 መሪ ቃሉ በየአገሩ «ምንም አታድርጉ» ተብሎ ተተረጎመበት ስለሚባለው ኤችኤስቢሲ ባንክ ነገራቸውና ተስማሙ።

በማግስቱ ስመጣ በሩ ላይ ጥበቃውን አገኘሁት። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ነው፤ አዲሱንም ማታ ሲወጡ አንድ ጊዜ አንብበውለታል።

«ትናንት ያነበቡልህን ታስታውሳለህ?»

«እንዴታ! በረካውም አቦል።» ሳያመነታ ነው ያለው፤ አንድም ፊደል ሳይጥል።

«የማን ቡና ነው?»

ትንሽ አሰበ። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ እርግጠኛ በሆነ ድምፅ፣ የሌላ ቡና ቆዪ ድርጅት ስም ጠራ።